ዚፕ ብቻ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ አባት የልጁን የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዞ ወደ ሱቄ ገባ። ዚፑ ይዘጋል፤ ነገር ግን ሲዘጋ ከኋላው ተመልሶ ይከፈታል። «ሙሉ ዚፑን ማስቀየር ሳይኖርብኝ አይቀርም» አለኝ። ቦርሳውን ተቀብዬ ጥርሶቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳበስኳቸው። አንድም የጎደለ ወይም የተጣመመ የለም። ጥርሱ ጤነኛ ሆኖ ከኋላ የሚከፈት ዚፕ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ላይ ነው። ራስ የምለው እየተሳበ ጥርስን ከጥርስ የሚገጥመውን ብረት ነው። ለዓመታት ሲሳብና ሲመለስ የኖረ ራስ ጎኖቹ ቀስ በቀስ እየተከፈቱ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥርሶቹን አጥብቆ መጫን ያቅተዋል።

ገልብጬ ጀርባውን አየሁት፤ 5 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ከመሳቢያው ለናይለን ጥርስ የሚሆን ባለ 5 ቁጥር ራስ አወጣሁ። የዚፑን ጫፍ የያዘውን ስፌት ትንሽ ተርትሬ አሮጌውን ሳብኩት፤ አዲሱን አስገባሁና ጫፉን በመርፌ መልሼ ሰፋሁት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አባትየው ቦርሳውን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳውን ዙሪያውን ተመለከተና «እህቴ፣ ከዚፕ ሌላ ምንም አትሸጪም?» ሲል ጠየቀኝ።

ምንም አልሸጥም። ክርና መርፌ አለኝ፤ እሱም ለዚፑ ሲባል ነው። ጥያቄውን ከዚህ በፊትም ብዙ ሰው ጠይቆኛል። የዚያን ቀን ግን ለምን እንደሆነ ሙሉውን ለመጻፍ ወሰንኩ።

ሱቄ ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው በኩል፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ትሆናለች። በ2011 ዓ.ም. ስከፍታት ያልነበረ ነገር አልነበረባትም ማለት ይቻላል። ሻምፑና ሽቶ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ካልሲ፣ ጃንጥላ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ በአንድ ጥግ ደግሞ ክር፣ ቁልፍና ጥቂት ዚፕ። ታፔላዬ ላይ «ልዩ ልዩ ዕቃዎች መሸጫ» የሚል ተጽፎ ነበር። አስተሳሰቤ ቀላል ነበር፤ ሰው ገብቶ አንዱን ቢያጣ ሌላውን ይገዛል የሚል ነው። የመርካቶ ነጋዴ የሆነ ዘመዴም ሱቁን በረዳኝ ጊዜ «ባዶ መደርደሪያ ደንበኛ ያባርራል» ብሎኝ ስለነበር፣ ብር በያዝኩ ቁጥር አዲስ ዓይነት ዕቃ እጨምር ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ዕቃ ስቆጥር 640 ዓይነት ደረስኩ። ቆጠራው ሁለት እሑድ ሙሉ ፈጅቶብኛል። ያን ሁሉ ዓይነት ይዤም በቀን ውስጥ ደጋግሜ የምናገረው ቃል «የለም» ነበር። ቻርጀር አለኝ፤ ሰውየው የሚፈልገው ሌላ ዓይነት ጫፍ ያለውን ነው። ካልሲ አለኝ፤ በዚያ ቁጥር የለኝም። ሻምፑ አለኝ፤ ሴትየዋ የለመደችው ሌላ ነው። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይዤ ለማንም የማልሞላ ሆንኩ። ችግሩ የካፒታል ማነስ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሁለት እጥፍ ብር ቢኖረኝ ኖሮ ዓይነቱን 1,200 አደርሰው ነበር እንጂ አንዱንም አልሞላም ነበር።

መለወጥ የጀመርኩት አንድ ደብተር በመያዝ ነው። ለሦስት ወር በእያንዳንዱ ሽያጭ አጠገብ ሁለት ነገር እጽፍ ነበር። የመጀመሪያው፣ ገዢው ያንን ዕቃ ፈልጎ መጣ ወይስ ሲያልፍ አይቶ ገባ? ሁለተኛው፣ ይህን ሰው ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ ወይ? ሌላ ስሌት አልነበረኝም። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ገጾቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። ፈልገው ከሚመጡትና ተመልሰው ከሚመጡት መካከል አብዛኞቹ ዚፕ ገዢዎች ነበሩ። ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ቦርሳና ጫማ አዳሾች፣ የቆዳ ጃኬት የሚጠግኑም አሉበት። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዶቹም ሁለቴ ይመጣሉ። ሻምፑ የገዛችኝ ሴት ግን በዚያው ሦስት ወር ውስጥ ተመልሳ አልመጣችም።

ዓይኔን የገለጠልኝ ግን የብሩ ምልልስ ነው። ሽቶ ከፍተኛ ትርፍ ያለው ዕቃ ይመስለኝ ነበር፤ በጠርሙስ ሲታይ እውነትም አለው። ለማስረዳት ያህል በክብ ቁጥር ላስላው። ሽቶ ላይ 10,000 ብር አዋልኩ እንበል፤ ትርፉም ከመቶ 60 ነው። ያ ሽቶ ተሸጦ እስኪያልቅ አሥር ወር ይፈጃል። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ከ10,000 ብር የማገኘው 6,000፣ ቢበዛ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ዚፕ ላይ ያዋልኩት 10,000 ብር ደግሞ ትርፉ ከመቶ 30 ብቻ ነው፤ ነገር ግን በአምስት ሳምንት ተሸጦ ይመለሳል። በዓመት አሥር ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። አሥር ጊዜ 3,000 ብር ደግሞ 30,000 ነው። በአንዲት ፍሬ ትርፍ የሚያንሰው ዕቃ በዓመቱ አምስት እጥፍ ሰጠኝ። እኔ ግን ለዓመታት መልካሙን መደርደሪያ ለሽቶው ሰጥቼ ዚፑን ጥግ ላይ በካርቶን አስቀምጬው ነበር።

ሌላውን ሁሉ ለማውጣት መወሰኔን ለእናቴ ስነግራት ደነገጠች። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ ያቺ አንዷ ዕቃ ከገበያ ብትጠፋ ምን ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። ነገሯ ቀላል አልነበረም። ብዙ ጊዜ አስቤበት የደረስኩበት መልስ የሚከተለው ነው። ዕቃዬ አንድ ቢሆንም ገዢዎቼ አንድ ዓይነት አይደሉም። የቀሚስ ሰፊዎች ሥራ የሚበዛው በበዓልና በሠርግ ሰሞን ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳ የሚጠገነው ከመስከረም በፊትና በኋላ ነው። ጃኬት የሚታደሰው ብርድ ሲመጣ ነው። የአንዱ ገበያ ሲቀዘቅዝ የሌላው ይሞቃል። ከዕቃው በላይ ያሳሰበኝ የሕንፃው ኪራይ ነበር፤ ስለዚህ ለስድስት ወር የሚሆን ኪራይ ከዕቁብ አውጥቼ ለብቻ እስካስቀምጥ ድረስ ሽግግሩን አልጀመርኩም። የቀረውን ዕቃ በገዛሁበት ዋጋ ሸጬ ለመጨረስ አምስት ወር ወሰደብኝ። ጥቂቱ ሻምፑ ጊዜው አልፎበት ተጣለ።

ከዚያ ትልቁን ስህተቴን ሠራሁ። ዚፕ ብቻ ከሆንኩ ያለው ዚፕ ሁሉ ሊኖረኝ ይገባል ብዬ አሰብኩ። አንድ ጅምላ አከፋፋይ ስልሳ ቀለም ያለው የቀሚስ ድብቅ ዚፕ፣ ከየቀለሙ አንድ ደርዘን፣ በአንድነት በጥሩ ዋጋ አቀረበልኝና ወሰድኩ። 720 ፍሬ ነው። ግድግዳው ላይ ስሰቅለው በጣም ያምር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግማሹ ቀለም ከደርዘኑ ሁለትና ሦስት ብቻ ተሸጦለት ነበር። አንዳንዱ ብርቱካናማ አሁንም አለኝ። ዘርፍ ማጥበብ ብቻውን ከሞተ ዕቃ እንደማያድን የተማርኩት ያኔ ነው። አንድ ዕቃ ውስጥም ሌላ የልዩ ልዩ ዕቃ ሱቅ መክፈት ይቻላል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ዚፕ በጥርሱ ይለያያል፤ እንደ ምንጭ የተጠቀለለ ናይለን፣ ጥርሱ አንድ በአንድ የተቀረጸ ፕላስቲክ፣ ብረት፣ እንዲሁም ጥርሱ ከጨርቁ ኋላ የሚደበቀው የቀሚስ ዚፕ አለ። በቁጥርም ይለያያል፤ የተለመዱት 3፣ 5፣ 8 እና 10 ናቸው። ቁጥሩ በግምት የተዘጋውን ጥርስ ስፋት በሚሊሜትር የሚናገር ነው። 3 ቁጥር ለቀሚስና ለሱሪ፣ 5 ለጃኬትና ለቦርሳ፣ 8 እና 10 ለሻንጣና ለወፍራም ሸራ ይሆናል። አራት ዓይነት፣ አራት ቁጥር፣ ስድስት ርዝመትና ሃያ ቀለም ቢባዛ 1,920 ይመጣል። ሁሉም ዓይነት በሁሉም ቁጥር ስለማይሠራ ግማሹን እንኳ ብንቀንስለት ወደ አንድ ሺህ ይጠጋል። በአሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ሱቅ ይህን መያዝ አይቻልም፤ ቢቻልም ብሩ አይበቃም።

ያወጣኝ ዕቃውን ማወቅ ነው። ከሥር ባለው ፎቅ የሚሰፉ አንድ አዛውንት አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን የሃምሳ ሳንቲሜትር ዚፕ ጠይቀውኝ የለም ስላቸው ሳቁና «ስልሳውን ስጪኝ የኔ ልጅ፤ ረጅም ይቆረጣል፣ አጭር አይቀጠልም» አሉኝ። ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ሻጯ ከዚያ ቀን በፊት ለዕቃ ግዢ አስቤው አላውቅም ነበር። የቀሚስ ዚፕ የሚያጥረው ከታች ነው፤ በሚፈለገው ቦታ ጥርሱን በክር ደጋግሞ ሰፍቶ ማቆሚያ ማበጀትና ትርፉን ትንሽ አስቀርቶ መቁረጥ ይበቃል። የጃኬት ዚፕ ታች ላይ ለሁለት የሚለያይ ስለሆነ፣ የሚገጣጠምበት ታችኛው ብረት መነካት የለበትም፤ እሱ የሚያጥረው ከላይ ነው። ብረት ከሆነ የላይኞቹን ጥርሶች በመቁረጫ እየነቀሉ አዲስ ማቆሚያ መግጠም ነው። የቦርሳና የትራስ ዚፕማ ጭራሽ ርዝመት የለውም፤ ከጥቅል በሜትር ተቆርጦ ራሱ ለብቻው ይገባለታል።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ርዝመት የሚባለው ነገር ከሞላ ጎደል ከሱቄ ወጣ። ለቀሚስ ስልሳ ሳንቲሜትር ብቻ እይዛለሁ። ለሱሪና ለጉርድ ሃያ ብቻ። ለጃኬት ሁለት ርዝመት። የቀረው ጥቅል ነው።

ቀለምንም በተመሳሳይ መንገድ ተረዳሁት። የቀሚስ ድብቅ ዚፕ በትክክል ከተሰፋ ከውጭ የሚታየው የሚሳብበት ጠብታ ብቻ ነው። ስለዚህ የጨርቁን ትክክለኛ ቀለም ማግኘት ግድ አይደለም፤ የሚቀራረብ ይበቃል። አንዲት ልብስ ሰፊ ጠብታውን በጥፍር ቀለም እየቀባች ከጨርቁ ጋር እንደምታመሳስለው አሳይታኛለች፤ አሁን ለሌሎች እኔ አሳያለሁ። በዚህ የተነሳ ከስልሳው ቀለም ሃያ አራቱን ብቻ አስቀረሁ። ብረት ዚፕ ግን ከእነ ጨርቁ ስለሚታይ ምርጫው ጥብቅ ነው፤ ደግነቱ የቆዳ ጃኬት በብዛት ጥቁርና ቡናማ ነው።

ከሁሉም ቀለም የከበደኝ ነጭ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ሰፊዎች ነጭ ዚፕ ይሉኛል፤ እኔም ነጩን እሰጥ ነበር። ከዚያ አንዷ ጨርቁን ይዛ መጥታ ዚፑን ላዩ ላይ አስቀመጠችልኝና «ተመልከቺ፣ ይሄ ሰማያዊ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ንጹሕ ነጭ አይደለም፤ ወደ ክሬም ያደላል። የፋብሪካው ነጭ ዚፕ አጠገቡ ሲሆን ይበርድበታል፤ ሰማያዊ ጥላ ያለው ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነጭ እይዛለሁ፤ ከበዓል በፊት ደግሞ የክሬሙን መጠን ከንጹሑ ነጭ ሦስት እጥፍ አደርገዋለሁ። ሽቶና ቻርጀር በምሸጥበት ጊዜ ይህንን የማወቅ ዕድል አልነበረኝም። ሴትየዋም ጨርቋን ተሸክማ ለማስረዳት አትደክምም ነበር፤ ሌላ ቦታ ሄዳ ትገዛ ነበር።

አሁን በሱቄ ያለው ዓይነት ይህንን ይመስላል፤ ድብቅ የቀሚስ ዚፕ 24፣ የሱሪና የጉርድ 12፣ የጂንስ ብረት 4፣ የጃኬት ብረት 8፣ የጃኬት ፕላስቲክ 12፣ ጥቅል 14፣ ራስ 16። ድምሩ ዘጠና ነው። 640 ዓይነት ይዤ «የለም» ስል የኖርኩት ሰው፣ ዘጠና ይዤ «የለም» የምለው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ሆነ።

ዘጠና ዓይነት በሰው ዓይን የሚያዝ ቁጥር ነው። ኮምፒውተርም ሆነ ውስብስብ መዝገብ አያስፈልገውም። እኔ የምጠቀመው ቀይ ክር ነው። ከእያንዳንዱ እስር ውስጥ የተወሰነ ፍሬ ለይቼ በቀይ ክር አስረውና ከኋላ እሰቅለዋለሁ። ከፊት ያለው አልቆ እጄ ቀዩን ክር ሲነካ ዕቃው በግዢ ዝርዝር ላይ ይጻፋል። ጥበቡ ቀዩ ክር ስንት ፍሬ ይሰር የሚለው ላይ ነው። መርካቶ በየሳምንቱ ቅዳሜ እወጣለሁ፤ ጅምላ ሻጩ ግን አንዳንድ ቅዳሜ የምፈልገው አይኖረውም። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ አስራለሁ። ጥቁር የሱሪ ዚፕ በሳምንት ሦስት ደርዘን ያህል ስለሚሄድ ቀዩ ክር ስድስት ደርዘን ይዟል። ጥቁር አረንጓዴ የቀሚስ ዚፕ ግን አንድ ደርዘኑ ሁለት ወር ይቆያል፤ ለእሱ ሦስት ፍሬ ይበቃዋል። ሁለቱንም በእኩል ደርዘን ስገዛ በነበረበት ዘመን ጥቁሩ ሁልጊዜ ያልቅብኝ፣ አረንጓዴው ሁልጊዜ ይተርፈኝ ነበር።

ይህ ቀላልነት ዋጋው የታየኝ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ነው። ዚፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ የጅምላ ዋጋው በሳምንታት ውስጥ ተቀያየረ። በአሮጌው ዋጋ የሸጠ ሰው በዚያው ብር ተመልሶ ያንኑ ያህል ዕቃ መግዛት አይችልም ነበር። እኔ አንድ ምሽት ተቀምጬ የዘጠናውንም ዋጋ አዲስ በምገዛበት ሒሳብ አስተካከልኩ። ዋና ደንበኞቼን ደግሞ ደውዬ ለሦስት ቀን በአሮጌው ዋጋ እንዲወስዱ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደሚጨምር ነገርኳቸው። 640 ዓይነት ቢሆን ኖሮ የትኛው ምን ያህል እንደጨመረ ለማወቅ ብቻ ከስንት አከፋፋይ ጋር ስሟገት እከርም ነበር።

አሁን ወደ ማስታወቂያ ልለፍ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ተራ ምን እንደሆነ ያውቃል። በርበሬ ተራ አለ፣ ጎማ ተራ አለ፣ ሳጥን ተራ አለ። ገዢ ሰፈሩን በስሙ ያውቀዋል፤ ነጋዴው በራፉ ላይ ባይጽፍም ሰው ፈልጎ ይመጣል፤ ተራው ራሱ ማስታወቂያው ነው። እኛ መሀል ከተማ፣ ሕንፃ ውስጥ ተበታትነን የምንነግድ ግን ተራ የለንም። ከጎኔ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከፊት ለፊቴ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ተራ የሌለው ነጋዴ ራሱን ተራ ማድረግ አለበት ብዬ ደመደምኩና ታፔላዬን አስቀየርኩ። «ዚፕ» ብቻ ነው የሚለው፤ ፊደሉም ከመንገድ ማዶ ይነበባል።

ለውጡን መጀመሪያ ያየሁት በሕንፃው ጥበቃዎች ላይ ነው። ድሮ ሰው ቻርጀር የት አለ ብሎ ሲጠይቃቸው እኔ ትዝ አልላቸውም ነበር፤ ልዩ ልዩ የሚል ስም ማንም አያስታውስም። አሁን የተበላሸ ጃኬት የያዘ ሰው ሲያዩ ሳይጠይቃቸው «ሁለተኛ ፎቅ ውጣ» ይሉታል። ሊስትሮዎቹ፣ ካፍቴሪያ ውስጥ የምትሠራዋ ልጅ፣ በባቡር ጣቢያው በኩል ቦርሳ የሚያድሰው ወጣት፣ ሁሉም አንድ ነገር ስለሆነ ያስታውሱታል። ሰው ስለሌላ ሰው ሲናገር አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው። ያንን አንድ ነገር እኔ መርጬ ካልሰጠሁት ምንም አይልም።

ቴሌግራሙም እንዲሁ ነው። ድሮ በቀን አምስት ስድስት ፎቶ እለጥፍ ነበር፤ ጠዋት ሻምፑ፣ ከሰዓት መጫወቻ። ለሻምፑ የገባው ሰው መጫወቻው ያሰለቸውና ይወጣል፤ ልብስ ሰፊው ሁለቱም አይመለከተውም። አሁን በሳምንት ሁለቴ ብቻ እለጥፋለሁ። ዚፑን ከማስመሪያ አጠገብ አስቀምጬ፣ ራሱን ገልብጬ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጌ አነሳዋለሁ። ተከታዮቼ ከድሮው ያነሱ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ መርፌ የያዙ ሰዎች ናቸው። ከገናና ከፋሲካ አንድ ወር ቀደም ብዬ «ክሬም ነጭ ገብቷል» ብዬ አንድ መስመር ስጽፍ፣ በዚያው ቀን መልእክት ይመጣል። ደንበኛ ምን ዓይነት ራስ እንደሚፈልግ ካላወቀም የራሱን ጀርባና የጥርሱን ፎቶ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ። ሁለቱን ማየት ግድ ነው፤ 5 ቁጥር የናይለን ራስ 5 ቁጥር ብረት ላይ አይሄድም፤ ቁጥሩ ቢገጥምም የውስጡ ቅርጽ የተለያየ ነው። ለይቼ ነግሬው በቴሌብር ይከፍላል፣ በሞተር እልክለታለሁ። ለ640 ዕቃ እንዲህ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ዕውቀት ከየት ላመጣ ነበር?

ድንበሩ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ያታግለኛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ክርን ከነአካቴው አውጥቼው ነበር፤ ዚፕ ብቻ ብዬ ምያለሁና። ልብስ ሰፊዎቹ ዚፑን ገዝተው በዚያው ቀለም ክር ፍለጋ ሌላ ሱቅ መሄድ ሰለቻቸው። ጥቂቶቹ ሁለቱንም ከዚያው ከሌላው ሱቅ መግዛት ጀመሩ። በስድስተኛው ሳምንት ክሩን መለስኩት። ያኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ዕቃ የሚገባው ዚፑን ለመትከል ወይም ለመጠገን የሚያስፈልግ ከሆነ ብቻ ነው የሚል ነው። ክር፣ መርፌ፣ የዚፕ መቁረጫና ፒንሳ ገቡ። ቁልፍ አልገባም። ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ልብስ ላይ ሁለቱ ጎረቤት ናቸውና መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁልፍ የራሱ መጠን፣ የራሱ የቀዳዳ ብዛት፣ የራሱ ቀለም ያለው ሌላ ዓለም ነው፤ እኔም አላውቀውም። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ቁልፍና ገበር የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ቁልፍ ፈላጊውን ወደ እሱ እልካለሁ፤ እሱም ዚፕ ፈላጊውን ወደ እኔ ይልካል። መጀመሪያ ገንዘብ ከእጄ የወጣ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ወር ግን በደብተሬ ላይ እሱ የላካቸውን ቆጥሬ ሠላሳ አንድ አገኘሁ።

የዚህ ንግድ አስቸጋሪ ጎን አንድ ደንበኛ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ብር ትንሽ መሆኑ ነው። የማክሰኞው አባት የከፈለኝ ከአንድ ማኪያቶ ብዙ የማይበልጥ ነው። ኪራይ የሚወጣው ከእንደነዚህ ዓይነት ደንበኞች ሳይሆን፣ በየሳምንቱ በደርዘን ከሚወስዱት አርባ ያህል ባለሙያዎች ነው። ከእነርሱ አምስቱ ቢጠፉብኝ ወዲያው ይሰማኛል። ስለዚህ አንዱ ሁለት ሳምንት ከቀረ እደውላለሁ። አንዳንዴ ታሞ ነው፤ አንዳንዴ የምፈልገውን አላገኘሁም ብሎ ሳይነግረኝ ቀርቶ ነው። ያኔ ምን እንደጎደለው እጠይቀዋለሁ።

ለዚህ የምጠቀምበት ደብተር አለኝ፤ ሽፋኑ ላይ «የለም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ጠይቀውኝ ያልነበረኝ ነገር ሁሉ ቀኑና የጠያቂው ሥራ ተጨምሮ ይጻፍበታል። አንድ ሰው አንዴ ስለጠየቀ አልገዛም፤ ብርቱካናማው ዚፕ አስተምሮኛል። ሦስት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ያንኑ ከጠየቁ ግን አንድ ደርዘን አምጥቼ እሞክራለሁ።

በዚህ ወር ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ የተጻፈ አንድ ነገር አለ፤ ከላይም ከታችም የሚከፈት፣ ሁለት ራስ ያለው የጃኬት ዚፕ። ሁለቱ ጠያቂዎች ለሞተረኛ ጃኬት የሚሰፉ ናቸው፤ ሞተር ላይ ሲቀመጡ ታችኛው ክፍል ካልተከፈተ ዚፑ ሆድ ላይ ይታጠፍና ጥርሱ ይጎዳል። ሦስተኛዋ ለነፍሰ ጡር ረጅም ካፖርት የምትሰፋ ሴት ናት። ቅዳሜ መርካቶ ስወጣ ጥቁሩን ብቻ፣ በረጅሙ መጠን፣ አንድ ደርዘን አመጣለሁ። ቀዩን ክር ስንት ላይ እንደማስረው የሚነግረኝ የሚቀጥለው ወር ነው።